«በመቶ» ሲባል የምን? በስንት ጊዜ? ስለ ቀላል ወለድና ስለ መቶኛ የኮሜርስ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ «የኮሜርስ ኩዊዝ ነበረን። አንዱ ጥያቄ ‹አንድ ነጋዴ 48,000 ብር በዓመት 15 በመቶ ቀላል ወለድ ለ10 ወር ተበደረ፤ ወለዱ ስንት ነው?› ይላል። ቀመሩን በቃሌ ስለማውቀው 48,000 × 15 × 10 አባዝቼ ለ100 አካፈልኩና 72,000 አገኘሁ። ተሳስተሃል ተባልኩ። በ800 ብር ተገዝቶ በ1,000 ብር የተሸጠ ዕቃ ትርፉ በመቶ ስንት ነው ለሚለው ደግሞ 20 ብዬ ኤክስ ተደረገብኝ። ሦስተኛውን ቁጥሩን በትክክል አግኝቼው፣ ብር ብዬ ስላልጻፍኩ ብቻ ግማሽ ማርክ ተቀነሰብኝ። ቀመሩ ልክ ከሆነ ስህተቱ የት ነው? ቁጥሩ ተገኝቶ በአንድ ቃል ማርክ መቀነስስ ፍትሐዊ ነው?»

መልስ፦ ቀመሩ ልክ ነው። የተሳሳተው ቀመሩ ውስጥ ያስገባኸው 10 ነው። 15 በመቶው የተሰጠው «በዓመት» ተብሎ ነው፤ 10ሩ ግን ወር ነው። ሁለቱን እንዳሉ ስታባዛቸው ነጋዴው ገንዘቡን 10 ዓመት ይዞት እንደቆየ አድርገህ ቆጥረሃል። 72,000 ብር በእርግጥም ትክክለኛ ወለድ ነው፤ የ10 ዓመት ወለድ ነው እንጂ የ10 ወር አይደለም። ስለዚህ ሒሳብ አላቃተህም፣ ካልኩሌተሩም አልተሳሳተም፤ የመለስከው ያልተጠየቅከውን ጥያቄ ነው።

ይህን ስህተት ካልኩሌተር ሳትነካ ልትይዘው ትችል ነበር። የ48,000 ብር 10 በመቶው 4,800 ብር ነው። 5 በመቶው የዚያ ግማሽ፣ 2,400 ብር። ሁለቱ ሲደመሩ 7,200 ብር ይሆናሉ፤ የአንድ ሙሉ ዓመት ወለድ ይኸው ነው። 10 ወር ከዓመት ያንሳል፣ ከግማሽ ዓመት ግን ይበልጣል። እንግዲህ መልሱ የግድ ከ3,600 ብር በላይና ከ7,200 ብር በታች መሆን አለበት። 72,000 ከዚህ ክልል እጅግ የራቀ ነው፤ እንዲያውም ከተበደረው ገንዘብ ራሱ ይበልጣል። በ10 ወር ውስጥ ወለዱ ከዋናው ገንዘብ የሚበልጥ ብድር በ15 በመቶ ሊገኝ አይችልም። መልስህን ከማስመርህ በፊት ይህን ያህል ብታስብ ኖሮ እጅህ ይቆም ነበር።

ሙሉ ሥራው ወረቀት ላይ እንዲህ ይሰፍራል፦

የተሰጠ፦ P (ዋና ገንዘብ) = 48,000 ብር
r (የወለድ መጠን) = 15% በዓመት = 0.15 በዓመት
t (ጊዜ) = 10 ወር = 10/12 ዓመት
ቀመር፦ I = P × r × t
I = 48,000 ብር × 0.15 በዓመት × 10/12 ዓመት
I = 7,200 ብር በዓመት × 10/12 ዓመት
I = 6,000 ብር

ጠቅላላ የሚመለሰው ገንዘብ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ደግሞ A = P + I = 48,000 ብር + 6,000 ብር = 54,000 ብር ተብሎ አንድ መስመር ይጨመራል። «ወለዱ ስንት ነው?» ሲባል 54,000 የሚጽፍ፣ «በጠቅላላ ስንት ይመልሳል?» ሲባል 6,000 የሚጽፍ ተማሪ በየፈተናው አይጠፋም። ሒሳቡን በሚገባ ሠርቶ በመጨረሻዋ መስመር የሚወድቅ ሰው ያሳዝነኛል፤ መድኃኒቱ የጥያቄውን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር መልሱን ከመጻፍ በፊት እንደገና ማንበብ ብቻ ነው።

አሁን ከላይ ባለው ሥራ አምስተኛውን መስመር በደንብ ተመልከተው። «በዓመት» የሚለውና «ዓመት» የሚለው ጎን ለጎን ሲቆሙ ይጣፋሉ፣ የሚቀረው ብር ብቻ ነው። አንተ የሠራኸውን በዚሁ መልክ ብትጽፈው ኖሮ «በዓመት × 10 ወር» የሚል ነገር ይወጣህ ነበር። ዓመትና ወር አይጣፉም፣ መስመሩም አልዘጋ ብሎ ራሱ ያስታውቅህ ነበር። የግማሽ ማርኩም ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። እኔም ብሆን እቀንስ ነበር። አሃዱ የቁጥሩ ማስጌጫ አይደለም፤ የሠራኸው ሥራ የተጠየቅከውን ነገር እንደሚያወጣ የሚያሳየው እሱ ነው። ኮሜርስ ውስጥ አንድ ቀመር ብርም፣ በመቶም፣ ዓመትም ሊያወጣ ይችላል። «6» ብሎ የጻፈ ተማሪ 6 ብር ይሁን፣ 6 በመቶ ይሁን፣ 6 ወር ይሁን የሚያርመው ሰው ከየት ይወቀው?

አሃድ መጻፍ እንዴት ከስህተት እንደሚያድን ጊዜ በሚጠየቅበት ጥያቄ የበለጠ ይታያል። ያንኑ 48,000 ብር በዚያው 15 በመቶ እንውሰድና «9,000 ብር ወለድ ለማስገኘት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?» እንበል። በዓመት የሚያስገኘው 7,200 ብር ስለሆነ t = 9,000 ብር ÷ 7,200 ብር በዓመት = 1.25 ዓመት ይሆናል። እስከዚህ ሁሉም ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ግን አንዱ «1 ዓመት ከ25 ቀን»፣ ሌላው «1 ዓመት ከ2 ወር ተኩል» ብሎ ይጽፋል። ነጥቧን ተከትሎ የመጣው 0.25 ግን የዓመት ሩብ ነው፤ 0.25 × 12 ወር = 3 ወር። መልሱ 1 ዓመት ከ3 ወር ነው። 1.25 ላይ «ዓመት» የሚለውን ቃል የጻፈ ተማሪ 0.25ቱም ዓመት መሆኑን አይዘነጋም፤ ቃሉን የተወ ግን ነጥቧን ተከትሎ የመጣውን እንደፈለገ ይተረጉመዋል።

ጊዜና የወለድ መጠን ሳይስማሙ ሲመጡ ለማስማማት ሁለት መንገድ አለ፦ ወሩን ወደ ዓመት መለወጥ፣ ወይም ዓመታዊውን መጠን ለ12 አካፍሎ ወርኃዊ ማድረግ። ሁለቱም ወደ አንድ መልስ ያደርሳሉ። እዚህ ላይ 15 ÷ 12 = 1.25 በመቶ በወር ነው፤ 48,000 ብር × 0.0125 በወር × 10 ወር ያው 6,000 ብር ይሰጣል። እኔ ግን ሁልጊዜ ጊዜውን እንድትለውጥ ነው የምመክርህ። 15 ለ12 ያለ ችግር ስለተካፈለ እንጂ መጠኑ 10 በመቶ ቢሆን ኖሮ 0.8333… እያለ ይቀጥል ነበር፤ አንተም አንድ ቦታ ላይ ቆርጠህ ትጥለው ነበር። ጊዜው ግን 10/12 ተብሎ በክፍልፋይ እንዳለ መቆየት ይችላል።

ክፍልፋዩን መሀል መንገድ ላይ ወደ ነጥብ ቁጥር የመለወጥ ልማድ ካለህም ተወው። 10/12ን 0.83 ብለህ ብትጽፈውና ብታባዛው 7,200 × 0.83 = 5,976 ብር ይወጣል። ዘዴው ልክ ነው፣ መልሱ ግን 24 ብር ጎድሏል። ምርጫ ያለው ጥያቄ ከሆነ አንዱ ምርጫ 5,976 ሆኖ ብታገኘው አትደነቅ፤ ጥያቄ የሚያወጡ ሰዎች ተማሪው የት ቦታ እንደሚያጠጋጋ ያውቃሉ። ማጠጋጋት የሚፈቀደው በመጨረሻው መስመር ላይ ነው። ገንዘብ ሲሆን ደግሞ እስከ ሁለት አሃዝ ማለትም እስከ ሳንቲሙ ድረስ ነው፣ ጥያቄው ሌላ ካላለ በስተቀር።

ጊዜው በቀን ከተሰጠ አንድ ተጨማሪ ነገር መወሰን አለበት፤ ዓመቱ ስንት ቀን ነው? በንግድ ሒሳብ ሁለት ልማድ አለ። አንዱ ዓመትን 365 ቀን የሚያደርገው ትክክለኛ የሚባለው ወለድ ነው። ሌላው ለስሌት እንዲቀል ዓመትን 360 ቀን የሚያደርገው ተራ ወለድ ነው። ለ90 ቀን ብንሠራው በ360 ሲሆን 7,200 × 90/360 = 1,800 ብር ይሆናል፤ በ365 ሲሆን 7,200 × 90/365 = 1,775.34 ብር። ልዩነቱ 24.66 ብር ነው፤ ለፈተና ሲሆን ደግሞ የልክና የስህተት ልዩነት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ውስጥ የትኛው እንደተባለ ፈልግ። ምንም ካላለ በክፍል የተማራችሁትን ያዝና ከሥራህ በላይ «1 ዓመት = 365 ቀን ተብሎ ተወስዷል» ብለህ ጻፍ። ያንን መስመር ያየ አራሚ ሌላውን አስቦ ቢሆን እንኳ የምታውቀውን ያውቅልሃል።

ቀኖቹን ራስህ እንድትቆጥር ከተደረገ ደግሞ ወጥመዱ የመጀመሪያው ቀን ነው። «በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከማርች 5 እስከ ጁን 3» ሲባል የተበደረበት ቀን አይቆጠርም፣ የመለሰበት ቀን ይቆጠራል፤ የተለመደው ይኸው ነው። ከማርች 26 ቀን ይቀራል (31 − 5)፣ ኤፕሪል 30፣ ሜይ 31፣ ከጁን 3፤ ድምሩ 90 ቀን ነው። ሁለቱንም ጫፍ የቆጠረ ተማሪ 91 ያገኛል፤ ወሩን ሁሉ 30 አድርጎ የቆጠረ ደግሞ 88።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ እንሻገር። እዚያም የተሳሳትከው በዚያው ዓይነት መንገድ ነው፣ መልኩ ተለወጠ እንጂ። ወለዱ ላይ «በስንት ጊዜ?» ብለህ አልጠየቅክም፤ ትርፉ ላይ ደግሞ «የምን?» ብለህ አልጠየቅክም። ትርፉ 1,000 ብር − 800 ብር = 200 ብር መሆኑን አልሳትክም። ከዚያ 200ን ለ1,000 አካፍለህ 20 በመቶ አልክ። ይህ 20 በመቶ እውነት ነው፤ የመሸጫ ዋጋው 20 በመቶ ነው። ግን ጥያቄው «ትርፉ በመቶ ስንት ነው?» ብሎ ሌላ ነገር ሳይጨምር ከቆመ የሚለካው በመግዣ ዋጋ ነው። ነጋዴው ያወጣው ገንዘብ 800 ብር ነውና በእሱ ላይ ምን ያህል አተረፈ ተብሎ ይጠየቃል። ሥራው፦

የትርፍ መቶኛ = ትርፍ ÷ የመግዣ ዋጋ × 100%
= 200 ብር ÷ 800 ብር × 100%
= 25%

ብር በብር ሲካፈል ብር እንደሚጠፋ አስተውል። በመቶኛ መልስ ላይ «25 ብር» ብሎ መጻፍ ትክክል የማይሆነው ለዚህ ነው። ከመልሱ ጎን ደግሞ «ከመግዣ ዋጋው» የምትል ቃል ጨምርበት። ያንን ቃል ጽፈህ ቢሆን ኖሮ 1,000 አካፋይ ሆኖ ሲታይህ የሆነ ነገር ይጎረብጥህ ነበር። በሌላ በኩል የጥያቄ ወረቀትህን መልሰህ እየው። «ከሽያጩ ምን ያህል በመቶ ትርፍ ነው?» ወይም «በመሸጫ ዋጋው ላይ ተመሥርቶ» የሚል ሐረግ ካለበት 20ህ ልክ ነው፤ ወረቀቱን ይዘህ መምህርህን አነጋግር። ከሌለበት ግን ክርክሩ አያዋጣህም።

አንድ ቁጥር ለሁለት የተለያዩ ነገሮች መቶኛ ሲሆን የሚፈጠረው ግራ መጋባት ወደ ኋላ በሚሠሩ ጥያቄዎች ላይ የባሰ ነው። «አንድ ዕቃ በ20 በመቶ ቅናሽ 3,600 ብር ተሸጠ። ከቅናሹ በፊት ዋጋው ስንት ነበር?» የሚለውን ውሰድ። ብዙዎች የሚሠሩት 3,600 ብር ላይ 20 በመቶውን መልሶ በመጨመር ነው፦ 3,600 × 1.20 = 4,320 ብር። ለጆሮ ደስ ይላል፤ 20 ተቀነሰ፣ 20 ይመለስ። ግን የተቀነሰው የ3,600 ሃያ በመቶ አይደለም፣ የድሮው ዋጋ ሃያ በመቶ ነው። የመለስከው የሌላ ቁጥር ሃያ በመቶ ከሆነ የተወሰደውን ያህል አልመለስክም። እስቲ 4,320ን ፈትነው፤ 20 በመቶው 864 ብር ነው፣ ሲቀነስ 3,456 ብር ይቀራል። ጥያቄው ግን 3,600 ይላል። አልተገናኘም።

ትክክለኛው መንገድ እንዲህ ነው። የድሮው ዋጋ 100 በመቶ ነው፤ 20 በመቶ ሲቀነስለት 80 በመቶ ይቀራል። ስለዚህ 3,600 ብር ማለት የድሮው ዋጋ 80 በመቶ ማለት ነው። የድሮ ዋጋ = 3,600 ብር ÷ 0.80 = 4,500 ብር። ሲፈተን የ4,500 ብር 20 በመቶ 900 ብር ነው፣ 4,500 − 900 = 3,600 ብር፤ ተገናኘ። ወደ ፊት የሄደው በማባዛት ከሆነ ወደ ኋላ የሚመለሰው በማካፈል ነው፣ ያንኑ መቶኛ በመደመር አይደለም። ዋጋው በ20 በመቶ ጨምሮ ቆይቶ በ20 በመቶ ቢቀንስ ወደ ቦታው የማይመለሰውም በዚሁ ምክንያት ነው፦ 1.20 × 0.80 = 0.96፣ ከመነሻው 4 በመቶ ጎድሎ ይቀመጣል።

ይህንኑ ሐሳብ ወደ ወለድ መልሰን እንውሰደው፤ አብዛኛው ተማሪ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ስለማያይ በተለያየ ቀን እንደ አዲስ ይሳሳታል። «አንድ ሰው በዓመት 15 በመቶ ቀላል ወለድ ተበድሮ ከ10 ወር በኋላ ወለዱን ጨምሮ 54,000 ብር መለሰ። የተበደረው ስንት ነበር?» መልሱን አንተም እኔም እናውቀዋለን፣ 48,000 ነው። የማያውቅ ሰው ግን እንዴት ይሠራዋል? የ10 ወሩ ወለድ 0.15 × 10/12 = 0.125፣ ማለትም 12.5 በመቶ መሆኑን ያገኛል። ቀጥሎ የ54,000ን 12.5 በመቶ ወስዶ 6,750 ብር ይቀንስና 47,250 ብር ይላል። ተሳሳተ። 12.5 በመቶው የተቆጠረው በተበደረው ገንዘብ ላይ እንጂ ወለዱ ከተጨመረበት ድምር ላይ አይደለም። ስለዚህ፦

A = P × (1 + r × t)
54,000 ብር = P × (1 + 0.15 × 10/12)
54,000 ብር = P × 1.125
P = 54,000 ብር ÷ 1.125 = 48,000 ብር

47,250ን መልሰህ በ1.125 ብታባዛው 53,156.25 ብር ይሆናል፤ 54,000 አይደርስም። ይህ መልሶ የመፈተን ነገር አንድ ደቂቃ አይወስድም፤ ወደ ኋላ በሚሠራ ጥያቄ ላይ ሳይፈተን የሚሰጥ መልስ እኔ አላምንም።

ከመቶኛ ሳልወጣ ስለ አንድ አነጋገር ላስጠንቅቅህ። «የወለድ መጠኑ ከ12 በመቶ ወደ 15 በመቶ ከፍ አለ። በስንት በመቶ ጨመረ?» ሲባል መልሱ 3 በመቶ አይደለም። ልዩነቱ 3 የመቶኛ ነጥብ ነው፤ ጭማሪው ግን 3 ÷ 12 × 100% = 25% ነው። ጋዜጣ ላይ ሁለቱ ተደበላልቀው ታገኛቸዋለህ፤ ፈተና ላይ ግን ይለያያሉ።

የቀላል ወለድ ቀመር የማይሠራበትንም ቦታ ማወቅ አለብህ፤ ኩዊዝ ላይ አምስት ማርክ የሚይዘው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይመጣል። I = P × r × t የሚለው ዋናው ገንዘብ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ሳይነካ ሲቆይ ብቻ ነው። መሀል ላይ ከዋናው ከተከፈለ P ተለውጧል፣ ስለዚህ ጊዜው መከፈል አለበት። ያው ነጋዴ ከ4 ወር በኋላ ከዋናው ገንዘብ 18,000 ብር መለሰ፣ ቀሪውን ደግሞ በ10ኛው ወር መጨረሻ ከፈለ እንበል። ለመጀመሪያዎቹ 4 ወራት ዕዳው 48,000 ብር ነው፦ 48,000 × 0.15 × 4/12 = 2,400 ብር። ለቀሩት 6 ወራት ዕዳው 30,000 ብር ነው፦ 30,000 × 0.15 × 6/12 = 2,250 ብር። ጠቅላላ ወለዱ 4,650 ብር ነው። አንዳንዱ ሁለተኛውን ክፍል ሲሠራ 10 ወሩን እንዳለ ያስገባል፤ አንዳንዱ ደግሞ 30,000 በሚለው ፈንታ 18,000 ይጽፋል። ወራቱ ሲደመሩ 10 መሆናቸውን፣ በየክፍሉ ያለው P ደግሞ የተከፈለው ሳይሆን ገና ያልተከፈለው መሆኑን አይተህ እለፍ። ውጤቱን ከ6,000 ብር ጋር አስተያየው፤ ዕዳው መሀል ላይ ስለቀነሰ ወለዱ ከ6,000 ማነሱ ተገቢ ነው። በልጦ ቢገኝ ግን የሆነ ቦታ ተሳስተሃል።

ሌላው ድንበር የወለድ ወለድ ነው። ቀላል ወለድ ሲባል ያልተከፈለ ወለድ ራሱ ወለድ አይወልድም፤ ለዚህ ነው በየዓመቱ ያው 7,200 ብር የሚሆነው። ጥያቄው ወለዱ በየዓመቱ ወይም በየሩብ ዓመቱ ወደ ዋናው ይደመራል ካለ ይህን ቀመር አንድ ጊዜ ተጠቅመህ አትጨርስ፤ በየዓመቱ የሚደመር ከሆነ ሁለተኛው ዓመት የሚጀምረው ከ55,200 ብር ነውና ወለዱ 8,280 ብር ይሆናል። ጥያቄው ላይ «ቀላል» የሚለው ቃል መኖር አለመኖሩን ሳታረጋግጥ አትጀምር።

እንግዲህ የምመክርህ ይህን ነው። ካልኩሌተሩን ከማንሳትህ በፊት በጥያቄው ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን «በመቶ» አስምርበትና ከሥሩ ሁለት ነገር ጻፍ፦ የምን በመቶ እንደሆነና የወለድ ከሆነ ደግሞ በስንት ጊዜ እንደሆነ። ከዚያ «የተሰጠ» ብለህ ቁጥሮቹን ከነአሃዳቸው አስፍር፣ ጊዜውን እዚያው ወደ ዓመት ለውጠው። ቀመሩን በፊደል ጻፍ፣ ቀጥሎ ቁጥሮቹን ተካ፣ መልሱን ከብሩ ወይም ከዓመቱ ወይም ከመቶኛው ጋር ጻፍ። ቀመሩን በቃል ማወቅህ ጥሩ ነው፤ ግን ፈተናው ላይ የጎዳህም እሱ ነው፣ ቁጥሮቹ ምን መሆናቸውን ሳታይ ወደ ማባዛት ስለገባህ።

ሰዓት ካጠረህ የምትዘለው የመጨረሻውን ማባዛት ነው እንጂ «የተሰጠ» የሚለውን ክፍል አይደለም። I = 48,000 ብር × 0.15 በዓመት × 10/12 ዓመት ላይ ደርሶ የቆመ ወረቀት እኔ ባርመው ከማርኩ የሚቀነስበት ትንሽ ነው፤ «72,000» ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ላይ ግን ብፈልግ እንኳ ማርክ የምሰጥበት ነገር አላገኝም።